የሩቲ አንድ ስምንተኛ

ፈቃደ ሰኞ ማለዳ ከቡታጅራ ሲሳፈር ወንበሩ ለሦስት ሰው የተሠራ ነበር። ረዳቱ አራተኛ ሰው ይዞ መጣ። «ጠጋ ጠጋ በሉ ባካችሁ፣ የሰው ልጅ አይደል እንዴ!» አለ። አራተኛዋ ሰው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ያቀፉ እናት ነበሩ። ቆጮውም እሳቸውም ተቀመጡ፤ ፈቃደም አንድ ጎኑን ለመስኮቱ አስረከበ። ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉ ነገራቸው አንድ ሆነው አንድ ቦታ ላይ አይቀመጡም የሚለው ሕግ ለሚኒባስ አልወጣም ብሎ አሰበ። ይህችን ቀልድ በየሰኞው ያስባታል። በመጀመሪያው ዓመት ታስቀው ነበር፤ አሁን ከመንገዱ ጋር እንደ አቧራው የምትመጣ ነገር ሆናለች።

ሚስቱና ልጆቹ ቡታጅራ ናቸው፤ እንጀራው ደግሞ ጉብሬ አጠገብ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ተራራ ስንት ጊዜ እንደተሻገረ መቁጠር ካቆመ ቆይቷል፤ ተራራው ግን የሚቆጥረው ይመስላል፤ በየጊዜው ይረዝማል።

ጉብሬ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ስልኩ ጮኸ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘርፈሽዋል ናት።

«ፈቃደ፣ ደረስክ?»

«ግማሽ ጎኔ ደርሷል። የቀረው በመምጣት ላይ ነው።»

«እንደወረድክ ቀጥታ ወደ ቢሮዬ። የአንዲት ተማሪ ሪማርክ አለ፤ ሁለተኛ አራሚው አንተ ነህ።»

«የምን ኮርስ ነው?»

«ሶሊድ ስቴት።»

«ዘርፌ፣ እኔ እኮ ኒውክሌር ነኝ።»

«ኒውክሌሩም ያለው ሶሊዱ ውስጥ ነው። ና በቃ።» ዘጋችው።

የሶሊድ ስቴቱ መምህር ለትምህርት አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ኮርሶቹ እንደ ሟች ንብረት ተከፋፍለዋል። ይሄኛው ለዶክተር አምሀ ደረሰ። ዶክተር አምሀ የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በአየር ጠባይ ላይ ነው፤ ደመና ያውቃል፤ ስለ ብረት ውስጣዊ ነገር ማውራት የጀመረው ኮርሱ ሲሰጠው ነው። ይህን ግን ራሱም ቢሆን ጮክ ብሎ አይናገርም። ግቢው ውስጥ ሁሉም የየራሱ ያልሆነ ነገር እያስተማረ ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን ሊጠይቅ አይደፍርም።

ፈቃደ የዘርፈሽዋል ቢሮ ሲገባ ዶክተር አምሀ ቀድሞት ተቀምጧል፤ የፈተናው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ ቀይ ቀለም ከሰማያዊው ይበልጣል።

«ሩቲ ትባላለች» አለች ዘርፈሽዋል፣ የሻይ ስኒዋን ወደ ዳር እየገፋች። «የመጨረሻ ዓመት። ኤፍ ነው ያመጣችው። ኤፉ ከጸና መውጫ ፈተና አትቀመጥም፤ ኮርሱ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ዶክተር ‹ኩረጃ› ብሎ ጽፎበታል። እሱ ከጸና ዲሲፕሊን ኮሚቴ ትሄዳለች፤ ዓመት መጠበቁም ይቀርና ጠቅልላ ቤቷ ትገባለች። ስለዚህ ተመልከትና ፈርም፣ ወይም አትፈርም።»

«ይፈርማል» አለ ዶክተር አምሀ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ሦስት መቶ ወረቀት ያረመ ሰው ድምፅ ነው። «ነገሩ ግልጽ ነው ፈቃደ። ጥያቄው ቀላል ነው። መዳብ ውስጥ ነፃ ሆነው የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች አሉ አይደል? ሳጥን ውስጥ እንደገባ ጋዝ እናያቸዋለን። በዜሮ ቴምፕሬቸር ከታች ጀምረው ቦታ ይይዛሉ፤ አንድ ቦታ ለሁለት፣ አንዱ ስፒኑ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የመጨረሻው ከፍታ ላይ የተቀመጠው ስንት ኢነርጂ አለው? ፌርሚ ኢነርጂው ይኸው ነው።»

«እሺ» አለ ፈቃደ። እስከዚህ ያስታውሰዋል።

«ቦታዎቹ እንደ ነጥብ በየአቅጣጫው ተደርድረዋል። እኔ ያስተማርኩት በቀለበት ነው፤ ሞገዱ በአንዱ የሳጥን ፊት ሲወጣ በተቃራኒው ይገባል። በዚህ መንገድ የነጥቦቹ ርቀት ሁለት ፓይ ሲካፈል ለኤል ነው። ኤል የሳጥኑ ርዝመት ነው። ነጥቦቹ በቀኝም በግራም፣ በፊትም በኋላም፣ በላይም በታችም አሉ፤ ከመሀል በራቁ ቁጥር ኢነርጂያቸው ይጨምራል። ስለዚህ የምንሞላው ሙሉ ኳስ ነው። እሷ ምን አደረገች?» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ኳሱን ስምንት ቦታ ቆርሳ አንዷን ቁራሽ ወሰደች። ይኸው፣ አንድ ስምንተኛ!»

አንድ ስምንተኛዋ በቀይ ተከባለች። ክቡ በቁጣ ይሁን በችኮላ ጅራት አውጥቶ ከላይ ያለውን መስመር አቋርጦ ሄዷል።

«ይሁን፣ ተሳሳተች እንበል» ቀጠለ አምሀ። «ያንኑ ያህል ኤሌክትሮን በአንድ ቁራሽ ውስጥ ለማስቀመጥ ኳሱ መተለቅ አለበት። መጠኑ ስምንት እጥፍ፣ ሬዲየሱ እጥፍ፣ ኢነርጂው ደግሞ በሬዲየሱ ስኩዌር ስለሚሄድ አራት እጥፍ። ሃያ ስምንት ኤሌክትሮን ቮልት ማግኘት ነበረባት። እሷ ግን መጨረሻ ላይ የጻፈችው ሰባት ነው። ትክክለኛው መልስ ሰባት ነው! በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛው ቤት የሚደርስ ሰው ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ኮርጇል። መልአክ ደግሞ ሶሊድ ስቴት አይወስድም።»

«ጎኗ ማን ነበር?»

«ዮሲ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከሱ ነው የወሰደችው።»

ፈቃደ እስክሪብቶውን አውጥቶ በጥግ ላይ ሞከረው። የስምንት ኩብ ሩት ሁለት፤ ሁለት በሁለት አራት፤ አራት በሰባት ሃያ ስምንት። ዶክተሩ ልክ ነው። የሚኒባሱ መስኮት ያሳመመውን ጎኑን አሻሸ። ረፋዱ ላይ ክፍል አለው፤ ቁርስ አልበላም። መፈረሚያው ቦታ ከፊቱ ነው፤ ስሙም ለመጻፍ አጭር ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነበር።

«ቆይ» አለች ዘርፈሽዋል። «ተማሪዋ ሳትሰማ አይፈረምም። ደንብ ነው። ውጭ ተቀምጣለች።»

«ደንብ ከሆነ ትግባ» አለ አምሀ፣ ጥርሱን ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጥሎ።

ሩቲ ገባች። ቀጭን ናት፤ ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ይዟል። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ከግድግዳው አጠገብ ቆመች፣ የሌላ ሰው ቀጠሮ እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ ሰው። ፈቃደን የገረመው ድካሟ ነው። ይህን ዓይነት ድካም እሱ ያገኘው ከሥራ ብዛት ነው፤ እሷ ገና ሳትቀጠር ከየት አመጣችው?

«ተቀመጪ» አለች ዘርፈሽዋል።

«ልቁም ይሻለኛል። ተቀምጦ መጠበቅ ያደክማል።»

ፈቃደ ጉሮሮውን ጠረገ። እውነቱን ለመናገር መነሻው ጠፍቶበታል፤ ኳሱን ያስታውሳል፣ ኳሱ ከየት እንደመጣ ግን ከወጣትነት ዘመኑ ጋር ሄዷል። ይህን ለመናገር አይመችም። ስለዚህ የመምህር ፊቱን አበጅቶ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪልን» አለ።

ሩቲ ከግድግዳው ሰሌዳ ሥር ማርከሩን አነሳች። ደርቋል። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱም ደርቋል። ሦስተኛው ቀለሙ ቢሳሳም የሞት ሞቱን ጻፈ።

«እኔ ሳጥኑን በግድግዳ ነው የሠራሁት» አለች። «ሞገዱ ሁለቱም ግድግዳ ጋ ዜሮ ነው። የክራር ክር ሁለት ጫፉ እንደታሰረው።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለ አምሀ። «እኔ በቀለበት ነው ያስተማርኩት።»

«በቀለበት ሲያስተምሩ አልነበርኩም ዶክተር። እናቴ አታት ሆስፒታል ተኝታ እያስታመምኳት ነበር። ኋላ ላይብረሪ ካለው መጽሐፍ አጠናሁ። መጽሐፉ ላይ ቀለበት ያለበት ገጽ ተቀዷል።»

«ጥሩ ገጽ መቼም ላይብረሪ ውስጥ አይከርምም» አለ ፈቃደ። ማንም አልሳቀም።

«እናትሽስ?» አለች ዘርፈሽዋል።

«ተሻላት፣ ቤት ገብታለች። ልቀጥል?»

«ቀጥዪ።»

«በግድግዳ ሲሆን ግማሽ ሞገድም ይገባል። ስለዚህ የነጥቦቹ ርቀት ፓይ ለኤል ነው፤ ሁለት ፓይ ለኤል አይደለም።» ትንሽ ቆመችና ከነጥቦቹ ጥቂቱን ነካ ነካ አድርጋ ሣለች። «ከዚያ፣ ቁጥሩን ወደ ኔጌቲቭ ብንወስደው ሞገዱ ያው ነው፤ ምልክቱ ብቻ ይገለበጣል። አዲስ ቦታ አይሆንም። ያንኑ ሰው ሁለቴ መቁጠር ነው። ስለዚህ በሦስቱም አቅጣጫ ፖዘቲቮቹን ብቻ ቆጠርኩ። የኳስ አንድ ስምንተኛ።»

«ሃያ ስምንት ይመጣል!» አለ አምሀ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

«በርስዎ ርቀት ከሆነ ይመጣል ዶክተር። በኔ ርቀት ግን ነጥቦቹ በየአቅጣጫው እጥፍ ተጠጋግተዋል። በሦስት አቅጣጫ ሲሆን ስምንት እጥፍ።»

ጠጋ ጠጋ በሉ ባካችሁ፣ አለ የማለዳው ረዳት በፈቃደ ጆሮ ውስጥ።

ፈቃደ እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ፤ አሁን ግን ለመፈረም አይደለም። ኳሱ አንድ ስምንተኛ ሆነ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚይዘው ስፍራ ደግሞ አንድ ስምንተኛ ሆነ። ለአንድ ነጥብ ሁለት ኤሌክትሮን። አባዛ፣ አካፈለ። ስምንቱ ከላይ፣ ስምንቱ ከታች፤ ተያይዘው ሄዱ። የቀረው የመዳቡ የኤሌክትሮን ብዛት ነው፤ እሱን ሲያስገባ የመጣው ሰባት ነው። በሁለቱም መንገድ ሰባት።

«ያው ነው» አለ። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለው። «ዶክተር፣ ያው ነው። እርስዎ ትልቅ ኳስ በተራራቁ ነጥቦች ሞሉ፤ እሷ ቁራሹን በተጠጋጉ ነጥቦች ሞላች። ብዛቱ አንድ ነው።»

አምሀ ሰሌዳውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ደመና የሚመለከት ሰው እንዲህ ነው፤ ይዘንባል አይዘንብም አይልም።

«አሁን ታውቀው ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ከፈተናው በኋላ አጥንታ መምጣት ትችላለች። የማርመው የዛሬውን ሰሌዳ አይደለም፤ የዚያን ቀኑን ወረቀት ነው።»

ይሄ ትክክል ነው፤ ፈቃደንም ትክክል መሆኑ አናደደው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አንድ ስምንተኛዋን የከበበው ቀይ ክብ ጅራቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ መስመር አቋርጧል። መስመሩን በጥፍሩ ተከተለው። ከቀዩ ሥር፣ በሰማያዊ፣ በደቃቃ የእጅ ጽሕፈት፣ ፓይ ለኤል። ሁለት የለበትም።

«እዚህ አለ» አለና ወረቀቱን ወደ አምሀ ገፋ። «የርስዎ ቀለም አርፎበት ነው እንጂ አለ።»

አምሀ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ አደረገው። አየ። «ከጎኗ ልትወስደው ትችላለች» አለ፤ ግን እንደ ልማድ አለው እንጂ እንደሚያምን አላለውም።

«እንግዲያው የጎኗን እንይ» አለች ዘርፈሽዋል። ከመደርደሪያው ጥቅሉን አወረደች፣ የዮሲን ወረቀት መዝዛ አወጣች፤ ሦስቱም ጎንበስ አሉበት። ሩቲ በቆመችበት ቀረች፤ አላጎነበሰችም።

የዮሲ ወረቀት ንጹሕ ነው። እጁ ያማረ ነው። በቀለበቱ ይጀምራል፣ ልክ አምሀ እንዳስተማረው፤ ሁለት ፓይ ለኤል ብሎ ርቀቱን ይጽፋል፣ ልክ አምሀ እንዳስተማረው። ቀጥሎ ሙሉ ኳስ ይጽፋል፤ ኳሱ ላይ ሰረዝ አለ፤ ከሰረዙ ጎን ካለምንም ምክንያት፣ ጥሪ ሳይደርሳት እንደመጣች እንግዳ፣ አንድ ስምንተኛ ተቀምጣለች። መልሱ ሃያ ስምንት ነጥብ ሁለት። አምሀ ራሱ በቀዩ፣ «ትንሽ ስሕተት» ብሎ ጽፎ ሁለት ነጥብ ብቻ ቀንሶበታል።

ውጭ የሣር ማጨጃው እየተነሳ እየጠፋ፣ እየተነሳ እየጠፋ ነበር።

ፈቃደ የአምሀን ፊት ላለማየት የዘርፈሽዋልን ስኒ አየ። ከዮሲ ወረቀት ሰባት አይገኝም። ከዮሲ ወረቀት የሚገኘው ሃያ ስምንት ብቻ ነው። ዮሲ ግን ከማን እንዳገኘ አንድ ስምንተኛዋ ትመሰክራለች፤ ርቀቷን ጥላ ብቻዋን መጥታለች።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አለ አምሀ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ አንድ ነገር ከነክብሩ ለማስቀመጥ ቦታ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው። «የኤሌክትሮኖቹ አማካይ ኢነርጂስ? በዜሮ ቴምፕሬቸር።»

«የፌርሚው ሦስት አምስተኛ።»

«ለምን ግማሽ አይሆንም? ከዜሮ እስከ ላይ ከሞላ፣ አማካዩ መሀሉ ነው የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ?»

ሩቲ ትንሽ አሰበች። «በየደረጃው ያለው ቦታ እኩል ቢሆን ግማሽ ይሆን ነበር» አለች። «እዚህ ግን ወደ ላይ ሲሄዱ ቦታው ይበዛል። እንደ ስታዲየም ነው ዶክተር። የታችኛው ረድፍ አጭር ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ረድፉ ይረዝማል፤ ብዙ ሰው የሚቀመጠው ከላይ ነው። ሁሉም ሞልቶ አማካዩ ስንተኛው ረድፍ ነው ቢባል፣ ከመሀል ከፍ ይላል። በሦስት አቅጣጫ ሲሆን የቦታው ብዛት በኢነርጂው ስኩዌር ሩት ነው የሚያድገው። ኢንተግራሉን ሲሠሩት ሦስት አምስተኛ ይመጣል።» ከዚያ፣ እንዳታስረዝም የፈራች ይመስል፣ በሁለት መስመር ሠራችው። ማርከሩ በሁለተኛው መስመር ጫፍ ላይ ሞተ።

«ሁለት ኤሌክትሮን በአንድ ነጥብስ እንዴት ይሆናል?» አለች ዘርፈሽዋል። ይሄን የጠየቀችው ከኮሚቴነት ሳይሆን ከወሬ ፍላጎት ነው።

«እኛ ቤት እኔና እህቴ አንድ አልጋ ላይ ነን» አለች ሩቲ። «እሷ ራስጌ፣ እኔ ግርጌ። አንድ ዓይነት ሆነን መተኛት አንችልም። ሦስተኛ ሰው ደግሞ አይገባም።»

ዘርፈሽዋል ሳቀች። የፈቃደም ከንፈር ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈገግታ ተንቀሳቀሰ።

አምሀ አልሳቀም፤ ግን እስክሪብቶውን አወጣ። ቀዩን። ለጥያቄው ሰጥቶት በነበረው ትልቅ ዜሮ ላይ ሰረዝ አድርጎ ሙሉውን ነጥብ ጻፈ፤ «ኩረጃ» የሚለውን ቃል ደግሞ ዝም ብሎ አልሰረዘውም፤ ፊደል በፊደል አጠፋው፣ በሰው ፊት ልብሱ ላይ የፈሰሰውን እንደሚያጸዳ። ደመረ። ሲ ሆነ። ፈቃደም ፈረመ፤ ስሙ አጭር ነው፣ ዛሬ ግን ሲጽፈው ረዘመበት።

«ኤሌክትሮኖቹ በዜሮ ቴምፕሬቸር እንኳ አያርፉም» አለ አምሀ፣ ለሩቲ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። «ሙቀት በሙሉ ቢወሰድባቸው እንኳ ይሮጣሉ።»

«የታችኛው ተይዟል ዶክተር» አለች። «የት ወርደው ያርፋሉ?»

አምሀ ራሱን ነቀነቀ። ይሄንን እሱም ያውቀዋል፤ ከመጽሐፍ ግን አይደለም።

«ልሂድ?»

«ሂጂ» አለች ዘርፈሽዋል። «እንኳን ደስ አለሽ። መውጫ ፈተናው ላይ ደግሞ ያስተማሩሽን መንገድ ጻፊ።»

«ገጹን ካገኘሁት» አለች ሩቲ፣ ወጣች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የዮሲ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሦስቱም አዩት። አምሀ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

«ዮሲ ሪማርክ ጠይቋል?» አለች ዘርፈሽዋል።

«አልጠየቀም።»

«እንግዲያው ያልጠየቀ አይታረምም። ደንብ ነው።» ወረቀቱን ገልብጣ የሻይ ስኒዋን አሳረፈችበት። «አባቱ ደግሞ ስለ ልጃቸው በየሳምንቱ ይደውላሉ። ሌላ ሰኞ ላይ እናየዋለን።» ሌላ ሰኞ እንደማይመጣ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ሰኞ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ያኛው ሰኞ ግን አይመጣም።

ፈቃደ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። የሚያስተምርበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ሥር ሲደርስ ሩቲ ተቀምጣለች፣ ጭቃውን ከነጠላ ጫማዋ በእንጨት እየፋቀች። አጠገቧ ዮሲ ቆሟል፤ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ንጹሕ ጫማ፣ የተጨነቀ ፊት።

«እና? እንዴት ሆነልሽ?» አለ ዮሲ።

«አለፍኩ።»

«እሰይ! ጀለስ፣ ተመስገን በይ!» እፎይ ያለው ለሷ ብቻ አልነበረም። ትንሽ ቆየና ጎንበስ አለ። «ግን እኮ ያቺ አንድ ስምንተኛ እስካሁን አልገባችኝም። አንቺ ጋ ሰባት፣ እኔ ጋ ሃያ ምናምን። እንዴት ነው?»

ሩቲ ቀና አላለችም። የቀረውን ጭቃ ከጫማዋ ፋቀች፣ እንጨቱን ጣለችው።

«ርቀቷን ትተህ ነዋ የወሰድካት» አለችው።

ፈቃደ እንዳልሰማ ሰው ደረጃውን መውጣት ጀመረ። የታችኛው ክፍል ተይዟል፤ ሁልጊዜ የተያዘ ነው። ላይ ሲደርስ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት አራት ሆኖ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።